ድሪቶውን ልተርትረው ብዬ የጻፍሁት ኢሜይል

እኔ ስናደድ እጽፋለሁ። ሌላው ሰው ሲናደድ ይሳደባል፣ በር ይወረውራል፣ አለዚያም ጠጅ ቤት ገብቶ ይወጣለታል። እኔ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ለአለቃዬ ረጅም ኢሜይል እጽፋለሁ፤ ስጨርስ አንብቤ አጠፋዋለሁ፤ ከዚያ ምሳዬን እበላለሁ። ሳላጠፋ የላክሁት በአንድ ጉዳይ የጻፍሁትን ብቻ ነው፤ እሱም ስንት ጣጣ ይዞብኝ መጣ መሰላችሁ።

የምሠራው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው። በወረቀት ላይ «የአይሲቲ ክፍል» የሚባል አለ፤ ክፍሉ እኔ ነኝ። አለቃም የለበት፣ ምንዝርም የለበት። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ እጠራለሁ። የአንዱ ስልክ በፎቶ ሲሞላበት እጠራለሁ። አንድ ቀን የሒሳብ ክፍል የሻይ ማፍያ እምቢ ቢል «ኤሌክትሪክ አይደል፣ ያንተው ነው» ተብዬ ተጠራሁ። ሄጄም ሠራሁት፤ ስሕተቴ እሱ ነው።

ከሥራዬ ሁሉ ትልቁን ግን ማንም አያየውም። ማዳበሪያ ወይም ምርጥ ዘር ሲገባ ለየገበሬው በስልኩ አጭር መልእክት ይደርሰዋል፤ «ማዳበሪያዎ ደርሷል፣ በዚህ ቀን እዚህ መጋዘን መጥተው ይውሰዱ» የሚል። ይህን ሰው ቁጭ ብሎ አይልከውም። ስክሪፕት ነው የሚልከው፤ ስክሪፕት ማለት ኮምፒውተር ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። የገበሬውን ስም፣ ቀበሌና ስልክ ከኤክሴል ያነባል፣ ለየቀበሌው ቀን ይመድባል፣ መልእክቱን ይልካል። አለቀ።

አለቀ ማለት ቀላል ነው። ስክሪፕቱን የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ኮምፒውተሩን፣ የተሰበረ ወንበርና ይህን ስክሪፕት አውርሶኝ ሄደ። የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲህ የሚል ማስታወሻ ትቷል፦ «ወንድሜ፣ ይህን ፋይል አትንካ። ከነካህም እግዚአብሔር ይርዳህ።» እኔም ለወራት አልነካሁም። ከዚያ መንካት መጣ።

ኤክሴል የስልክ ቁጥርን መነሻ ዜሮ ይበላል። ስለዚህ «ቁጥሩ ዘጠኝ አኃዝ ከሆነ ከፊቱ ዜሮ ጨምር» የሚል መስመር ሰፋሁበት። አንዱ የወረዳ ባለሙያ ሁሉንም ቁጥር በሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ጀምሮ ላከልኝ፤ ሌላ መስመር ሰፋሁ። ሌላው በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቁጥር አስገብቶ መካከሉ ላይ «ካልተነሣ የሚስቱ» ብሎ ጻፈ። እሱንም ሰፋሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስክሪፕቱ ስክሪፕት መሆኑ ቀርቶ ድሪቶ ሆነ፤ የዋናው ጨርቅ መልኩ የትኛው እንደሆነ እኔም ጠፋኝ።

የባሰው የቀኑ ነገር ነው። እኛ አገር ቀን ዝም ብሎ ቀን አይደለም። በአሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፣ በሃያ አንድ ማርያም፣ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፤ በእነዚህ ቀን አህያ ጭኖ የሚሄድ ገበሬ ጎረቤት ምን ይለዋል? በዚያ ላይ እያንዳንዱ ደብር የራሱ ታቦት ቀን አለው። ስክሪፕቱን የጻፈው ልጅ ይህን አላሰበበትም። እኔም ያሰብሁት ሰው ተናዶ ሲመጣ ብቻ ነው። አንድ ቄስ መጥተው «በሃያ አንድ ትቀጥሩናላችሁ? ምነው፣ ጠላት ነን?» ሲሉኝ «ቀኑ ሃያ አንድ ከሆነ ወደ ሃያ ሁለት አሳልፍ» የሚል መስመር ጨመርሁ። ሌላው መጣ፣ ሌላ ጨመርሁ። መስመሮቹ የተሰለፉት በቀን ቅደም ተከተል አይደለም፤ በሰው ንዴት ቅደም ተከተል ነው። በእሑድ ነገር የተናደደው ሰው ዘግይቶ ስለመጣ እሑድ ከሁሉም በታች ገባ።

ጉዱም ከዚያ መጣ። ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል፤ ወደ ላይ ተመልሶ አያይም። አምና ሰኔ አሥራ አንድ እሑድ ዋለ። ለአንድ ቀበሌ ቀኑ አሥራ አንድ ደረሰው። ስክሪፕቱ ከላይ ጀመረ፤ አሥራ ሁለት ነው? አይደለም። ሃያ አንድ ነው? አይደለም። ታች ሲደርስ እሑድ ነው? አዎ፤ እንግዲያስ ወደ አሥራ ሁለት። ላከው። በሰኔ ሚካኤል! መልእክቱ የደረሰው ገበሬም ቢሆን «መንግሥት ካለ ምን ይደረግ» ብሎ እያጉረመረመ አህያውን ነድቶ ጅጋ መጋዘን ድረስ መጣ። መጋዘኑ ተዘግቷል። ቁልፍ የያዙት ሰው ሚካኤል ሄደው ማሕሌት ቆመዋል።

የዚያ ቀበሌ ሰዎች ከጅጋ ሁለት ሰዓት በእግር ይርቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ አባቴ ነበሩ።

ይህን ያወቅሁት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው በስልክ እየሣቁ ነገሩኝ። ቀበሌው ልጃቸው ፍኖተ ሰላም «ኮምፒውተር ቤት» እንደሚሠራ ያውቃል እንጂ መልእክቱ ከእኔ እንደሚወጣ አያውቅም። አባቴ ብቻ ያውቃሉ።

«በሩ ላይ ቁጭ ብለን» አሉኝ፣ «ይህን መልእክት የላከውን ሰው ሁሉም በየተራ ረገመው። እኔም ዝም ካልሁ ያውቁብኛል ብዬ ረገምሁ።»

«ምን ብለው ረገሙኝ?»

«እጁን ይቁረጠው ነው ያልሁ። በልቤ ግን አይቁረጠው ብያለሁ፤ አይዞህ።»

አብሬያቸው ሣቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን ፊቴ ይነድ ነበር። ያን ቀን ወዲያው «ከእሑድ ቀጥሎ አሥራ ሁለት ከሆነ ወደ አሥራ ሦስት አሳልፍ» የሚል መስመር ከታች ሰፋሁና ነገሩ አለቀ ብዬ ተኛሁ።

አላለቀም። በዚህ ዓመት ሚያዝያ ላይ የጅጋው መጋዘን ያዥ ሪፖርት ይዘው መጡ። መሪጌታ ናቸው፤ ቀን ከሌት ቅዳሴና ማሕሌት፣ ቀን ሲተርፋቸው መጋዘን። እኔ የኔታ ነው የምላቸው፤ ምንም ባያስተምሩኝ። ወረቀታቸውን ፈርሜ ስመልስላቸው እንዲህ አሉኝ፦

«አባትህ ደግ ሰው ናቸው። እግራቸው ግን እንዴት ነው?»

«ምነው የኔታ?»

«መልእክት በመጣ ቁጥር ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ይመጣሉ እኮ። ‹ነገ በር ትከፍታለህ ወይ?› ይሉኛል። እከፍታለሁ ስላቸው ይመለሱና ለአገሬው ይነግራሉ። በሐምሌም መጡ፣ የዘሩም ጊዜ መጡ። ‹አባቴ፣ ስልክ አይደውሉም?› ብላቸው ‹ያታለለን ስልክ አይደለም ወይ?› አሉኝ።»

ሁለት ሰዓት መሄጃ፣ ሁለት ሰዓት መመለሻ። አባቴ ወጣት አይደሉም። እኔ የምልከው መልእክት ገበሬውን ከመንከራተት ያድናል ተብሎ ነው፤ የገዛ አባቴ ግን መልእክቴ እውነት መሆኑን ሊያጣሩ አገር ያቋርጣሉ። ለእኔ አልነገሩኝም፤ እንዳላፍር። ተናደድሁ፣ አፈርሁም። በማን እንደተናደድሁ ስላላወቅሁ ኢሜይል ጻፍሁ።

ለሥራ አስኪያጁ ነው የጻፍሁት። ጥሩ ሰው ናቸው፤ በሙያቸው የአዝርዕት ባለሙያ ነበሩ፣ ስንዴ በእጃቸው አሽተው ዋግ መትቶት እንደሆነ ይነግሩሃል። ኢሜይል ግን አይወዱም። አድራሻውን የከፈትሁላቸው እኔ ነኝ፤ የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ግን ጸሐፊያቸው ናት። እሷም የመጣውን ሁሉ ታትማለች፣ መዝገብ ቤት ወስዳ የገቢ ቁጥር ታስመታለች፣ በፋይል አድርጋ ታቀርብላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ በኅዳጉ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ይመሩታል።

አራት ገጽ ጻፍሁ። ስክሪፕቱ እንዴት እንደሚያነብ፣ ለምን እንደማይመለስ፣ አዲስ አድርጌ ብጽፈው ምን ምን እንደሚቀልል፣ ቀስት ያለበት ሥዕል ሁሉ ሠርቼ «ሦስት ሳምንት ይፈቀድልኝ» ብዬ ጨረስሁ። ስለ አባቴ አንድ ቃል አላነሣሁም። የሥራ ደብዳቤ ነዋ!

በሦስተኛው ቀን ጸሐፊዋ ፋይል ይዛ መጣች። «ያንተ ጉዳይ ተመርቷል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ከፈትሁት። በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ለአይሲቲ ክፍል፦ ጉዳዩ ተጠንቶ አስተያየት ይቅረብበት» ይላል።

«አይሲቲ ክፍል እኮ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ላንተ አይደል የተመራው» አለችና የመረከቢያ መዝገቡን ገልጣ «እዚህ ላይ ፈርም» አለችኝ። ፈረምሁ። ዞሮ ዞሮ ከቤት።

እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ተቀምጬ የራሴን ደብዳቤ አጠናሁት። «ክፍሉ ባለሙያው ባቀረበው ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ይስማማል» ብዬ መለስሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ፦ «ከክፍሉ ሠራተኞች ጋር ውይይት ተደርጎ ቃለ ጉባኤ ይያያዝ።» እሺ! ቃለ ጉባኤ ጻፍሁ። የተገኙ አንድ፣ ያልተገኙ የሉም፣ በፈቃድ የቀሩ የሉም። ሰብሳቢው ጉባኤውን ከፈቱ፤ አባሉ ሐሳባቸውን ሰጡ፤ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋ አንብባ ፊቷ ሳይንቀሳቀስ ማኅተም አስመታችበት። እስከ ዛሬ መዝገብ ቤት አለ።

ያኔ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ።

«ና ቁጭ በል። ይህ ነገር አሁን ይሠራል አይሠራም?»

«ይሠራል ጋሼ፤ ግን…»

«አምና ማዳበሪያ አከፋፈልን?»

«አከፋፈልን።»

«እሺ። ሦስት ሳምንት ሠርተህ ስትጨርስ አዲሱ ከድሮው ምን ይለያል? ምን አያለሁ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ። እናቴ መዋሸት ስላላስተማረችኝ «ምንም» አልሁ።

«ምንም?»

«ከውጭ ሲያዩት ምንም አይለይም ጋሼ። ውስጡ ነው የሚለወጠው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፕሪንተሩን የሚያይ ሳይኖር፣ ግንቦት ደርሶ ማዳበሪያ በር ላይ ቆሞ፣ አንተ ክፍልህን ዘግተህ ምንም የማይለይ ነገር ትሠራለህ። ጠርጥር! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። የሚሠራ ነገር አይነካም።»

«ሳይቃጠል በቅጠልም ይባላል ጋሼ» አልሁ።

«ተቃጥሏል?»

«ገና ነው።»

«ሲቃጠል ትጠራኛለህ» አሉና ፋይሉን ዘጉት።

ወጣሁ። ሌላ ኢሜይል ጀመርሁ፤ ይኸኛው የመልቀቂያ ነበር፣ ሁለት ጊዜም «ግፍ» የሚል ቃል ነበረበት። መሪጌታ የሳምንቱን ሪፖርት ይዘው ሲገቡ እሱን እየጻፍሁ ነበር። ፊቴን አይተው «ማን ሞተብህ?» አሉ። ነገርኋቸው። የበዓሉን መስመሮች አትሜ በአማርኛ እየተረጎምሁ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ጣታቸውን እያስኬዱ እስከ ታች ወረዱ፤ ከዚያ ሣቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ።

«ይህን የሠራው ሰው ባሕረ ሐሳብ ቢማር ኖሮ በየኔታ ዱላ ያልቅ ነበር» አሉ። «ቀኑን ካሳለፍኸው በኋላ አዲሱን ቀን እንደገና ከላይ ጀምረህ አትጠይቀውም? ነጻ ቀን እስክታገኝ ትጠይቃለህ እንጂ!»

«እሱን ነው አራት ገጽ ሙሉ የጻፍሁት!»

«አራት ገጽ ማን ያነባል?» አሉ። «ነገሩን አታስረዳቸው። ቀኑን አሳያቸው። ገበሬም አለቃም የሚገባው ቀን ነው።»

የመልቀቂያውን ኢሜይል አጠፋሁት። ከዚያ የስክሪፕቱን የመላኪያ መስመር ዘጋሁና፣ ማለት ለማንም ሳይልክ ውጤቱን ወረቀት ላይ ብቻ እንዲያወጣ አድርጌ፣ የዘንድሮን የሰኔ ዕቅድ ሰጠሁት። ያወጣውን እያየሁ ፀጉሬ ቆመ። ሰኔ ሃያ ሦስት እሑድም ነው ጊዮርጊስም ነው። «ሃያ ሦስት ከሆነ ወደ ሃያ አራት» የሚለው መስመር ያሳልፈዋል፤ ሃያ አራት ተክለ ሃይማኖት ነው፤ ስለ ሃያ አራት የሚጠይቀው መስመር ግን ከላይ ስለሆነ አልፎታል። በሃያ አራት የተቀጠረው ቀበሌ ደግሞ ወደ ፈረስ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ነው፤ ታቦቱ ተክለ ሃይማኖት፤ የሥራ አስኪያጁ የትውልድ ቀበሌ። አጋጣሚ ነው ብዬ ብምል እግዚአብሔርም አይወደውም፤ ገጹን ያወጣሁት ለሁሉም ቀበሌ ነው፣ ያንን መስመር በቀይ ሁለት ጊዜ ያሰመርሁበት ግን ሆን ብዬ ነው።

ኢሜይሉ ይኸውና፤ ቃል በቃል።

«ጋሼ፣

የተያያዘው ገጽ ስክሪፕታችን ዘንድሮ ሰኔ የሚሰጠው ቀጠሮ ነው። ለማንም አልተላከም። በቀይ የተሰመረባቸው በበዓል ቀን የወደቁ ናቸው። በአራተኛው መስመር ያለውን ቀበሌ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

አንድ መስመር ጨምሬ ይህን ዛሬውኑ መድፈን እችላለሁ። አምናም እንዲሁ ነው ያደረግሁት። ድሪቶ ነው፤ እዚህ ስሰፋው እዚያ ይቀደዳል፣ የት እንደሚቀደድም የምናውቀው ገበሬው መጋዘን በር ላይ ቆሞ ሲረግመን ነው። ስለዚህ ተርትሬ እንደገና ልስፋው።

ሦስት ሳምንት እጠይቃለሁ። የድሮውን አልጥለውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪጄ የሚለያዩበትን ቀን ሁሉ አትሜ አቀርብልዎታለሁ፤ እርስዎና መሪጌታ አይታችሁ ካልተስማማችሁ በድሮው እንቀጥላለን። ፕሪንተሩን በየጠዋቱ እስከ አራት ሰዓት አያለሁ።

ሲያልቅ ምን እንደሚያዩ ጠይቀውኝ ነበር። አሁንም መልሴ ምንም ነው። ተናዶ ቢሮዎ የሚመጣ ገበሬ አያዩም።

አምና ሰኔ ሚካኤል ከተዘጋው በር ፊት ከተቀመጡት አንዱ አባቴ ናቸው። ከዚያ ወዲህ መልእክት በላክን ቁጥር እውነት መሆኑን ሊያጣሩ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ጅጋ ይወርዳሉ። ይህን ለማንም አልነገሩም፤ እኔም አሁን ነው የምናገረው።»

የመጨረሻውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፣ ሦስት ጊዜ መለስሁት። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁት። ላክሁት ማለት ጸሐፊዋ አተመችው፣ ቁጥር አስመታችው፣ ገባ።

አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ኮሪደሩ ውስጥ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ተሰማ። ሰው ልከው አልጠሩኝም፤ ራሳቸው መጡ። ገጹን እንደያዙ ነው።

«በሃያ አራት? የእኛን?»

«ስክሪፕቱ ነው ጋሼ።»

«የሰኔ ሃያ አራት ማኅበር የማነው ተራ? የእኔ ነው! ዓመት ሙሉ ጠብቄ ተራዬ ደርሶ፣ እናቴ ቤት ጠላ አስጠምቄ፣ አገሩ አህያ ጭኖ ማዳበሪያ ሊወስድ ይሂድ? ማን ሊጠጣልኝ ነው? ደግሞስ ማን ነው የቀጠራችሁ ሲሏቸው ማንን ሊሉ ነው? እኔን!»

«አዎ ጋሼ። እርስዎን ነው።»

ተነፈሱ። ከዚያ የተሰበረችው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ፤ ሰው እንዳይቀመጥባት ማስታወሻ ለጥፌባት ነበር፣ አልያዛቸውም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አባትህ እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርኸኝም?»

«የሥራ ደብዳቤ ላይ አይገባም ብዬ ነው።»

«አራት ገጽ ቀስት አስገብተህ አባትህ አልገቡም?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። አረንጓዴውን እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ፤ ኅዳጉ ላይ «ሁለት ሳምንት ተፈቅዷል። ፕሪንተሩ እንዳይረሳ» ብለው ጻፉ። ሦስት ጠይቄ ሁለት አገኘሁ። አራት ማለት ነበረብኝ፤ ገበያ ወጥቼ እንደማላውቅ!

ሁለቱን ሳምንት እንዴት እንደሠራሁ አላወራችሁም፤ አሰልቺ ነው። አንዱን ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በአዲሱ ስክሪፕት ውስጥ አንድም የበዓል ቀን አልጻፍሁም። ቀኖቹን ሁሉ አውጥቼ በተለየ ሰንጠረዥ አደረግኋቸው፤ ለየቀበሌው አንድ ዝርዝር፣ ማንም ሠራተኛ በኤክሴል ከፍቶ ሊያርመው የሚችል። ስክሪፕቱ የሚያውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ ቀኑ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ወይም እሑድ ከሆነ ወደሚቀጥለው ሂድ፣ ከዚያ እንደገና ጠይቅ። ዝርዝሩን ግን እኔ ከየት አመጣለሁ? ለየቀበሌው ደወልሁ። ለእኛ ቀበሌ ለአባቴ ደወልሁ።

«የምታከብሯቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ይንገሩኝ» አልኋቸው።

«ለምንህ ነው?»

«መልእክቱ እንዳይሳሳት።»

«እኔ ብቻዬን ልነግርህ አልችልም። አገሬውን ልጠይቅ» አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደወሉልኝ። ቄሱ አንድ ቀን ይጠራሉ፣ ከኋላ አንዱ «እሱማ ድሮ ቀርቷል!» ይላል፣ ሌላው «ቀርቷል ያለህ ማነው፣ ስንፍናህ ነው!» ይለዋል። ሰኔ ሦስት ሲሉኝ ደነገጥሁ፤ የምን በዓል ነው? በረዶ አዝመራውን ያወደመበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ እንደ አገር ተስለው ከዚያ ወዲህ በዚያ ቀን ሞፈር አይነካም፣ አህያ አይጫንም። በየትኛው ካሌንደር ላይ ይገኛል ይህ? ጻፍሁት። ስልኬ ጆሮዬ ላይ እስኪግል ጻፍሁ።

ከዚያ አዲሱንና የድሮውን ጎን ለጎን አስኬድኋቸው። አዲሱ ሄደ፣ ሄደ፣ አንድ ቀበሌ ላይ ሲደርስ ቆመ። የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ውጤት የለም። ባይ ለካ የዚያ ቀበሌ ሰዎች ጠይቄያቸው ከአንድ እስከ ሠላሳ ያለውን ቀን በሙሉ ልከውልኛል፤ በየቀኑ የሚታሰበውን ቅዱስ ሁሉ። ስክሪፕቱም ነጻ ቀን ፍለጋ ይዞራል፤ እስከ ዕለተ ምጽአት ይዞር ነበር። መሪጌታ መጥተው ዝርዝሩን አዩና «ይህ ቀበሌ ነው ገዳም?» አሉ። የሚታሰበውንና ሥራ የሚከለከልበትን ለይተው ዝርዝሩን አስተካከሉልኝ። እኔም «በሠላሳ ቀን ውስጥ ነጻ ቀን ካጣህ ቁም፣ ለሰው ንገር» የሚል ሕግ ጨመርሁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የተለያዩበትን ቀን ሁሉ አትመን ከሥራ አስኪያጁ ጋር አንድ በአንድ አየነው። በሁሉም ትክክሉ አዲሱ ነበር። ሰኔ ሃያ አራት ባዶ መሆኑን እሳቸው ሦስት ጊዜ አረጋገጡ።

በግንቦት የመጀመሪያውን መልእክት በአዲሱ ላክሁ። የእኛ ቀበሌ ቀጠሮ ረቡዕ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ አልያዝልህ አለኝ፤ ፕሪንተሩን ሳይበላሽ ፈታታሁት። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ለመሪጌታ ደወልሁ።

«አባቴ መጡ?»

«አልመጡም» አሉ። «እኔም ገርሞኝ በር በር እያየሁ ነው።»

ሳይመጡ የቀሩበት ጊዜ የለም። ታመው ነው። ወድቀው ነው። መንገድ ላይ ነው የወደቁት፣ በእኔ ጦስ! ደወልሁ፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሊዘጋ ሲል ተነሣ።

«አባቴ! ደኅና ነዎት? አሞዎት ነው?»

«ምን ያመኛል? አጥር እየሠራሁ ነው። ምነው ትጮኻለህ?»

«ጅጋ አልወረዱም?»

«ምን ላደርግ?»

«ነገ መከፈቱን ሊያጣሩ።»

እንደማውቅ አያውቁም ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ቀኑን የሰጠንህ እኛው አይደለን?» አሉ። «እኔ የነገርሁህን ቀን መልሼ ላጣራ አራት ሰዓት እግሬን ልፍጅ? ደግሞም ለአገሬው ነግሬያለሁ።»

«ምን ብለው?»

«መልእክቱን የሚልከው ልጄ ነው ብዬ። የዚያን ዕለት በግቢው ስንጣላ ስልኩን የያዘው ማን እንደሆነ ጠየቁኛ፤ ልጄ ነው አልሁ። ስለዚህ እንግዲህ ዕወቀው። ካሁን በኋላ ከተሳሳትህ የሚረግሙህ በስምህ ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ሆኜ በልቤ ላወጣህ አልችልም።»

«እሺ አባቴ» አልሁ።

«በል፣ አጥሬን ልሥራበት» ብለው ዘጉት። እኔም የነገውን ቀን ሰንጠረዡ ላይ እንደገና ከፍቼ አየሁት፤ ግንቦት፣ ረቡዕ፣ ነጻ።